የምግብ መጽሐፍ ልታዘጋጁ ነው? መለኪያ፣ ሙከራና ፎቶ እንዴት ይመረጣሉ

የምግብ መጽሐፍ ለመጻፍ የተነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስበው ሽፋኑንና ፎቶውን ነው። መጽሐፉ ሥራ ላይ እንዲውል የሚያደርጉት ግን ሦስት ውሳኔዎች ናቸው። በምን እንለካ? ማን ይሞክረው? ፎቶዎቹ የት ይቀመጡ? ቅደም ተከተላቸውም ይህ ነው። መለኪያው ሳይወሰን የተደረገ ሙከራ ምንም አይነግረንም። ሙከራው ሳያልቅ የተነሳ ፎቶ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ ሙከራው የበርበሬውን መጠን ካስቀነሰ በፎቶው ላይ ያለው ወጥና በጽሑፉ ላይ ያለው ወጥ ቀለማቸው እንኳ አይገናኝም።

ከዚህ በታች አማራጮቹን አንድ በአንድ እናያለን። ለምሳሌ የምወስደው ዶሮ ወጥን ነው። ዶሮ ወጥ ላይ የሠራ አካሄድ ምስር ወጥና ጎመን ላይ አያቅተውም።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝነው በአራት ጥያቄ ነው። አንደኛ፣ ሌላ ሰው በሌላ ቤት ሲሠራው ያው ምግብ ይወጣለታል? ሁለተኛ፣ አንባቢው የሚጠየቀውን ዕቃ ቤቱ አለው? ሦስተኛ፣ ለአዘጋጁ ምን ያህል ገንዘብና ጊዜ ይፈጃል? አራተኛ፣ መጽሐፉ ምድጃ አጠገብ ተከፍቶ፣ እጅ ቅቤ ነክቶ፣ በአንድ እይታ ይነበባል?

አራቱንም አንድ ላይ የሚያሟላ አማራጭ የለም። ስለዚህ አንባቢያችሁ ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ወስኑ። ሰበታ ያለችው የአክስት ልጅ ናት? ወይስ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ፣ የእናቱን ወጥ የሚወድ ግን ሽንኩርት አቁላልቶ የማያውቅ ልጅ?

በምን እንለካ?

የመጀመሪያው አማራጭ የቤቱ መለኪያ ነው፤ እፍኝ፣ ጭልፋ፣ ቁንጥር፣ የቡና ሲኒ፣ የሻይ ብርጭቆ። ለሚያውቅ ሰው ፈጣን ነው፤ ሚዛንም አይጠይቅም። ችግሩ የአንዱ ቤት ጭልፋ የሌላው ቤት ጭልፋ አለመሆኑ ነው። «8 ሽንኩርት» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። አዲስ አበባ ገበያ ላይ ያለው የሀበሻ ቀይ ሽንኩርትና አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለው ሽንኩርት በመጠን አይገናኙም። ዶሮ ወጥ ላይ ሽንኩርቱ ከተዛባ በርበሬውም ጨውም ቅቤውም ይዛባል፤ ሁሉም የሚሰላው በእሱ ነው።

ሁለተኛው ኩባያና ማንኪያ ነው። አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች የለመዱት ነገር ነው። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። የአሜሪካ ኩባያ ወደ 237 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሜትሪክ የሚባለው ኩባያ 250 ይይዛል። የሾርባ ማንኪያ አብዛኛው ቦታ 15 ሚሊ ሊትር ሲሆን አውስትራሊያ ግን 20 ነው። ለወጥ ውሃ ይህ ልዩነት ምንም አይደለም። ለዱቄት ግን የኩባያው መጠን ብቻ ሳይሆን አሞላሉም ለውጥ ያመጣል። አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በቀስታ ከተሞላ 120 ግራም ገደማ፣ ኩባያው ከረጢቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከወጣ ደግሞ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። ድፎ ዳቦ ላይ አራት አምስት ኩባያ ሲሆን ልዩነቱ ሊጡን ከለስላሳ ወደ ድርቅ ያለ ይለውጠዋል።

ጨውም እንዲሁ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ወደ 6 ግራም ይመዝናል። ሻካራውና ቅርፊት መሳዩ ጨው ግን በዚያው ማንኪያ ግማሹን ብቻ ሊመዝን ይችላል። «1 የሻይ ማንኪያ ጨው» ብሎ ዓይነቱን ያልጻፈ መጽሐፍ አንዱን ቤት አልጫ፣ ሌላውን ጨው የበዛበት ወጥ ያበላል።

ሦስተኛው ግራምና ሚሊ ሊትር ነው። መልሶ ሲሠራ ያው እንዲወጣ ከሆነ የተፈለገው፣ የሚወዳደረው የለም። ግን እስከ መጨረሻው መሄድ አያዋጣም። የተለመደው የቤት ሚዛን አንድ አንድ ግራም እየዘለለ ስለሚቆጥር 2 ግራም ኮረሪማ ላይ አይታመንም። በዚያ ላይ «0.5 ግራም ጥቁር አዝሙድ» የሚል መጽሐፍ ወጥ ቤት ሳይሆን ፋርማሲ ይመስላል።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ አራተኛው፣ ቅልቅሉ ነው። ሽንኩርት፣ ሥጋ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ዱቄት፣ ጥራጥሬ በግራም። ውሃና ዘይት በሚሊ ሊትር። መከለሻ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ጨው ለጥ ብሎ በተሞላ የሻይ ማንኪያ፤ የጨው ዓይነትም መግቢያው ላይ አንድ ጊዜ ይገለጽ። አንባቢው ሚዛን ከሌለው ከግራሙ አጠገብ በኩባያ መጻፍ ይቻላል፤ ግን የትኛው ኩባያ እንደሆነ ተናግራችሁ ነው። አንዱን ምግብ በኩባያ፣ ሌላውን በብርጭቆ፣ ሦስተኛውን በግራም መጻፍ ከሁሉም የከፋው መንገድ ነው። ብዙ መጽሐፍ ውስጥ ያየሁትም እሱኑ ነው።

የእጅን ልክ ወደ ግራም ማምጣት

«እናቴ እኮ አትለካም» የሚል ቅሬታ ይመጣል። አታስለኳት። ዕቃውን ለኩ።

እናት ወጥ ከመጀመራቸው በፊት የበርበሬውን ጣሳ ከነበርበሬው መዝኑና ጻፉ። የቅቤውን ዕቃ፣ የጨውን ዕቃ፣ የዘይቱን ጠርሙስም እንዲሁ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ይሥሩ፤ ዓይናቸው እንዳየ ይጨምሩ። ወጡ ሲወርድ ዕቃዎቹን መልሳችሁ መዝኑ። ልዩነቱ የእጃቸው ልክ ነው። እንበል የበርበሬው ጣሳ መጀመሪያ 640 ግራም ነበር፤ በኋላ 528 ሆነ። 112 ግራም ገብቷል ማለት ነው። ሌላ ቀን ደግሞ 126 ቢመጣ አይግረማችሁ፤ እጅ እንደ ቀኑ ነው። ሁለቱን አይታችሁ 120 ብላችሁ ጻፉና ለሙከራ አቅርቡት። «118.5» ብሎ መጻፍ ትክክለኛነት አይጨምርም።

ሽንኩርቱን ከተላጠና ከተከተፈ በኋላ መዝኑ፤ ይህንንም ጻፉት። «1.5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ተከትፎ» እና «1.5 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ተልጦና ተከትፎ የተመዘነ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው 1.5 ኪሎ ገዝቶ ልጣጩን ሲጥል ከዚያ ያነሰ ይዞ ይቀራል። የሽንኩርት ሸማችና የሽንኩርት አብሳይ ሁለቱም እንዲገባቸው፣ የሚገዛውንም የተላጠውንም ልክ መጻፍ አይጎዳም።

በርበሬው ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ቤት የተዘጋጀው ብዙ ጊዜ ጨው አለበት። ውጭ አገር ታሽጎ የሚሸጠው አንዳንዱ የለበትም፤ የሚያቃጥልበት ልክም ይለያያል። መግቢያው ላይ የተጠቀማችሁበት በርበሬ ጨው ያለበት ይሁን የሌለበት ተናገሩ። በአሠራሩ ላይም ጨው የመጨረሻው ላይ ተቀምሶ ይጨመር።

ደቂቃ ወይስ ምልክት?

ይህ ከመለኪያው ጋር የሚሄድ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ላይ ግን 100 ዲግሪ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ተሞክሮ የተጻፈ የሽንብራ መቀቀያ ሰዓት ዱባይ ላይ ሽንብራውን ያፈርሰዋል። በተቃራኒው ዱባይ የተጻፈው አዲስ አበባ ላይ ጥሬ ያስበላል። ለዶሮው የሚቀቀለው እንቁላል እንኳ ከፍታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይጨምራል።

የሊጡ ነገር ደግሞ በሙቀት ነው። አዲስ አበባ ቀናት የሚፈልግ የእንጀራ ሊጥ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ላይ በጣም ፈጥኖ ይኮመጥጣል። «3 ቀን ይቆይ» ከማለት «ውሃው ላይ ሲጠልል፣ ሽታው ሲኮመጥጥ» ማለት ይሻላል።

ደቂቃን ጨርሶ አትተዉ፤ ለማያውቅ ሰው መነሻ ይሰጠዋል። ግን ሁልጊዜ ምልክት አስከትሉ። «ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ውሃው ጨርሶ እስኪመጥና ቀለሙ እስኪጠቁር፣ ከ40 እስከ 60 ደቂቃ ይቁላላ።» «በርበሬው ገብቶ ቁሌቱ ዘይቱን እስኪተፋ።» የተነበበበት ቤት ድስቱ ሰፊም ይሁን ጠባብ፣ ምልክቱ ይሠራል። ሰፊ ድስት ውሃን ቶሎ ያተናል፤ ደቂቃ ብቻ የያዘ አንባቢ ግን ሽንኩርቱን ያሳርረዋል።

ማን ይሞክረው?

ብቻ መሞከር ርካሹ ነው። የሚያሳየውም ነገር አለ፤ ልኩ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለውን ታያላችሁ። የማያሳየው ደግሞ ጽሑፉ ላይ የጎደለውን ነው። «አቁላሉት» የሚለውን ቃል የጻፈ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ስለሚያውቅ ክፍተቱን እጁ ይሞላዋል።

ዘመድና ጓደኛ ማስሞከር ሁለተኛው ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ዘመድ ይሉኝታ አለው። «በጣም ይጣፍጣል» ይላችኋል። ያበላሸውን ደግሞ ስልክ ደውሎ ጠይቆ ያስተካክለዋል፤ ጽሑፉ ላይ ግን ስህተቱ እንዳለ ይቀራል።

ሦስተኛው፣ ከወረቀቱ ውጭ ምንም ሳይነገረው የሚሠራ ሰው ነው። ለዶሮ ወጥ እንዲህ ዓይነት ሞካሪ ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ወጥ የሚሠራ፣ አንዱ የማይሠራ። የሚሠራው ልኩን ይፈትሻል። የማይሠራው ቃሉን ይፈትሻል። መደወል ክልክል ይሁን። ግራ ከተጋባ ያለውን ጥያቄ ጽፎ የመሰለውን ያድርግ። የዚያ ወረቀት ጥያቄዎች ከማንኛውም አስተያየት ይበልጣሉ።

«ጣፈጠህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይልቅ እነዚህን ጠይቁ። የትኛውን ዐረፍተ ነገር ሁለቴ አነበብህ? ምን ቀየርህ፣ ለምን? ስንት ሰዓት ጀምረህ ስንት ሰዓት ጨረስህ? ስንት ሰው በላ፣ ምን ያህል ተረፈ? ዶሮው የሀበሻ ነበር የፈረንጅ? የመጨረሻው ቀላል ጥያቄ ይመስላል። የፈረንጅ ዶሮ ቶሎ ይበስላል፤ ቶሎም ይፈርሳል። ለሀበሻ ዶሮ የተጻፈውን ሰዓት ከጠበቀ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያያል፤ 12ቱ ብልት ወጥ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ስለዚህ አሠራሩ የዶሮውን ዓይነትና ክብደት መናገር አለበት።

ሁሉንም ምግብ በዚህ መንገድ ማስሞከር ውድ ነው፤ በተለይ ሥጋና ቅቤ ያለበትን። እኔ ብሆን ምግቦቹን በቤተሰብ እከፍላቸዋለሁ። ቁሌት ላይ የቆሙትን ወጦች በአንድ ሁለት ምግብ አስሞክሬ የተገኘውን እርማት ለሁሉም አወርዳለሁ። የምስር ወጥ ሙከራ የሽንኩርቱን አረፍተ ነገር ካስተካከለልኝ ለዶሮ ወጥም ተስተካከለ ማለት ነው፤ ምስር ደግሞ ከዶሮ ይረክሳል። ሊጥ ያለበትን ግን፣ እንጀራ፣ ድፎ ዳቦ፣ አምባሻ፣ አንዱን ሞክሮ ለሌላው ማውረድ አይቻልም። እያንዳንዱ ለብቻው ይሞከር።

ፎቶው የት ይቀመጥ?

አንደኛው አማራጭ ሁሉም ሰው የሚያስበው ነው፤ በግራ ገጽ አሠራሩ፣ በቀኝ ገጽ ሙሉ ፎቶ። ያምራል፤ ሲከፈትም ገጽ መገልበጥ የለም። ግን 60 ምግብ ካለ 120 ገጽ ባለ ቀለም ማተም ነው። ሌላ ችግርም አለ። ወጦቻችን በፎቶ ይመሳሰላሉ። ቀይ ወጥ እንጀራ ላይ፣ ገጽ ተገልብጦ ሌላ ቀይ ወጥ እንጀራ ላይ፣ ቀጥሎ ሌላ። አሥረኛው ላይ አንባቢው ምስሩን ከሥጋው መለየት ያቅተዋል።

ሁለተኛው፣ ጽሑፉን በጥቁር አትሞ ፎቶዎቹን መሐል ላይ በአንድ ክፍል መሰብሰብ ነው። ማተሚያ ቤቶች ትልቁን ወረቀት አጥፈው ብዙ ጊዜ 16 ገጽ ያወጣሉ። ስለዚህ ባለ ቀለሙን ክፍል 16 ገጽ አድርጎ በሚያብረቀርቅ ወይም ለስላሳ አርት ወረቀት ማተም፣ ቀሪውን በተራ ወረቀት ማተም ወጪውን በእጅጉ ይቀንሳል። ጉዳቱ አንባቢው ፎቶ ለማየት ገጽ መፈለጉ ነው። በሁለቱም በኩል የገጽ ቁጥር ካልጻፋችሁ ጨርሶ አይፈልገውም።

ሦስተኛው ፎቶን ለማሳመር ሳይሆን ለማስረዳት ማዋል ነው። ቃል የሚያቅተው ቦታ አለ። ሽንኩርቱ ውሃው ሲመጥ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ቁሌቱ ዘይቱን ሲተፋ፤ ሦስት ትንንሽ ፎቶ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ይተካሉ። ዶሮው በ12 ብልት ሲለይም፣ የእንጀራው ዓይን ክዳን መቼ እንደሚደፋበት ሲነገርም እንዲሁ። ጎመን ግን የሂደት ፎቶ አያስፈልገውም።

የእኔ ድምፅ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቅልቅል ነው። የሂደት ፎቶዎች ሁሉም በአንዱ ባለ ቀለም ክፍል ይሰብሰቡ፤ ብዙ ምግብ ስለሚጋሯቸው። «ቁሌት፣ ፎቶ 3» ብሎ አሠራሩ ላይ መጠቆም በቂ ነው።

አነሳሱ ላይ ጥቂት ነገር ልጨምር። የስልክ ካሜራ ይበቃል። ለኤ5 ሙሉ ገጽ፣ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ጥራት፣ 1748 በ2480 ፒክስል ያስፈልጋል፤ አሁን ያሉ ስልኮች ይህንን ያልፋሉ። ፎቶውን ለዲዛይነሩ በቴሌግራም ስትልኩ ግን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቃል። መስኮት አጠገብ አንሱ፤ የቢጫ አምፖል ብርሃን ከተቀላቀለ በርበሬው ብርቱካንማ ይሆናል። ወጡ ሲቀዳ ወዲያው አንሱ። ትንሽ ከቆየ እንጀራው መረቁን ይመጠዋል፤ ቅቤውም ይረጋና ላዩ ላይ ነጭ ሽፋን ይሠራል።

ስክሪን ላይ ደማቅ የሆነ ቀይ ወጥ ወረቀት ላይ ይጠቁራል፤ ሲኤምዋይኬ በሚባለው የማተሚያ ቀለም የማይወጡ ደማቅ ቀዮች አሉ። ተራ ወረቀት ደግሞ ቀለሙን ስለሚመጥ ይብስበታል። ስለዚህ ማተሚያ ቤቱን፣ ጠቆር ያለውን ፎቶ በትክክለኛው ወረቀት ላይ አንድ ናሙና እንዲያወጣ ጠይቁ። ያንን ሳታዩ ሙሉውን አታሳትሙ።

ስለ ጽሑፉ አቀማመጥ አንድ ነገር። የውጭ መጻሕፍትን አይቶ ግብዓቶቹን በጠባብ ዓምድ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። አማርኛ ላይ አያምርም። ቃሎቻችን ይረዝማሉ፤ «የተነጠረ ቅቤ» እንኳ ጠባብ ዓምድ ውስጥ ሁለት መስመር ይሄዳል። ግብዓቱ ሰፋ ባለ ዓምድ፣ ልኩ ቀድሞ፣ ድስት ውስጥ በሚገቡበት ቅደም ተከተል ይሰለፍ። አንድ አሠራር በተቻለ መጠን ገጽ ሳይገለበጥ ይለቅ።

በአጭሩ ሲታይ

| ምርጫ | ያው ይወጣል? | ለአንባቢው | ወጪና ድካም |
|---|---|---|---|
| እፍኝና ጭልፋ | አይወጣም | ለሚያውቅ ብቻ | የለም |
| ኩባያና ማንኪያ | ለወጥ አዎ፣ ለሊጥ እምብዛም | ቀላል | ትንሽ |
| ሁሉም በግራም | በጣም | ሚዛን ይጠይቃል | መካከለኛ |
| ግራምና ማንኪያ ተቀላቅሎ | በጣም | ሚዛን ይጠይቃል፣ ቅመሙ ቀላል | መካከለኛ |
| ብቻ መሞከር | አያረጋግጥም | ክፍተት ይተርፋል | ርካሽ |
| ዘመድ ማስሞከር | በከፊል | ይሉኝታ አለበት | መካከለኛ |
| ከወረቀት ብቻ የሚሠራ ሞካሪ | ያረጋግጣል | ጽሑፉ ይጠራል | ውድ |
| በእያንዳንዱ ምግብ ፎቶ | ለውጥ የለውም | ያምራል፣ ይመቻል | በጣም ውድ |
| ባለ 16 ገጽ የፎቶ ክፍል | ለውጥ የለውም | ገጽ መፈለግ ያስፈልጋል | ርካሽ |
| የሂደት ፎቶ | ይረዳል | ለጀማሪ ምርጥ | መካከለኛ |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

ለቤተሰብ ብቻ፣ ውጭ ላሉ ልጆችና ለእህት ወንድሞች የሚዘጋጅ ከሆነ፣ 20 ምግብ በዛ። ዕቃውን በመመዘን ልኩን አውጡ፤ ከልጆቹ ወጥ የማያውቀው አንዱ ይሞክረው። ፎቶውን በስልክ አንሱና በቀለም ፕሪንተር አትማችሁ በስፒራል አስጠርዙ። ስፒራል ጥራዝ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋ ብሎ ይተኛል፤ በሙጫ የተጠረዘው ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ካልተጫነበት ይዘጋል።

አገር ቤት ለገበያ የሚታተም ከሆነ፣ አብዛኛው አንባቢ መሠረቱን ያውቃል። የሚገዛው የማያውቀውን ምግብ ፈልጎ ነው። ገንዘቡን ሙከራ ላይ አውሉ፤ ፎቶውን በ16 ገጽ ወስኑት። ሚዛን የሌለው ቤት ብዙ ስለሆነ ከግራሙ ጎን በኩባያ ጻፉ። ምግቦቹን የጾምና የፍስክ ብላችሁ ክፈሉ፤ ዓቢይ ጾም ላይ መጽሐፉን የሚያነሳ ሰው የሚፈልገውን ቶሎ ያገኛል።

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ለንደን ላደገ ትውልድ ከሆነ፣ የሂደት ፎቶ ላይ አትቆጥቡ። ቁሌትን፣ አብሲትን፣ የቅቤ አነጣጠርን ሙሉ ገጽ ስጧቸው። ግራምና ኩባያ ሁለቱም ይግቡ። ሞካሪዎቻችሁም እዚያው የሚኖሩ ይሁኑ፤ በርበሬውንም ዶሮውንም የሚገዙት እዚያ ነውና።

በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከፎቶ ቀንሱ፤ ከሙከራ አትቀንሱ። ሞካሪ ለመክፈል እንኳ ካልበቃ የምግቡን ቁጥር ከ60 ወደ 30 አውርዱ። የተረፉት 30 ምግቦች ለሁለተኛው ጥራዝ ይቆያሉ፤ በመካከሉም አንባቢዎች የመጀመሪያውን እየሠሩ የት ላይ እንደተቸገሩ ይጽፉላችኋል።